አንዱ ልጅ ይፈልጋል፣ ሌላው አልወሰነም

ሽማግሌው በሠርጉ ቀን እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ሙሽሮቹ ከእድምተኛው ጋር «አሜን» ይላሉ። ብዙ ባልና ሚስት ስለ ልጅ የሚነጋገሩት በዚያች «አሜን» ተጀምሮ በዚያችው ያበቃል። ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ይደረጋል፣ ሃይማኖት ይጠየቃል፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደመወዝ ይወራል፤ ወላጆች ጥንቁቅ ከሆኑ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ልጅ ይኑረን ወይስ አይኑረን የሚለውን ግን ማንም አያነሳውም። መልሱ የታወቀ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ነገሩ ብቅ የሚለው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። አንዱ «በቃ አሁን እንውለድ» ይላል፤ ሌላው «ትንሽ እንቆይ» ብሎ ይመልሳል። እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም። በግልጽ እምቢ ቢል ኖሮ መጣላትም፣ ማልቀስም፣ ሽማግሌ መጥራትም ይቻል ነበር። «አልወሰንኩም» ለሚል ሰው ግን ምን ይባላል? ልጅ የሚፈልገው ወገን ቢገፋ ጨካኝ፣ ዝም ቢል ደግሞ ሳይወልድ የሚያረጅ ይመስለዋል። ያልወሰነውም ቢሆን አይመቸውም፤ በየወሩ ስለማያውቀው ነገር እንደሚመረመር ተማሪ ይሆናል።

ይህ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው የአዲስ አበባን ቁጥር ቢያይ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በአገር ደረጃ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ ግን 1.8 ነበር። በ2005ቱ ጥናት የመዲናዋ ቁጥር ከዚህም ወርዶ 1.4 ሆኖ ተመዝግቧል። ባልና ሚስት ሁለት ልጅ ሲወልዱ ራሳቸውን ብቻ ይተካሉ ቢባል፣ ከተማዋ ከዚያ በታች ከሆነች ሰንብታለች ማለት ነው። ከጀርባው ዘግይቶ ማግባት፣ የቤት ዋጋ፣ የሴቶች ትምህርትና ሥራ አለ። ያም ሆነ ይህ በከተማ ቤት ልጅ መውለድ ተነጋግረው የሚወስኑት ነገር ሆኗል፤ አነጋገሩን ግን ማንም ያስተማረ የለም።

ነገሩን በዝርዝር ለማየት አንድ ምሳሌ እናቁም። እነዚህ ባልና ሚስት የአንድ የተወሰነ ቤት ሰዎች አይደሉም፤ በብዙ ቤት የሚታየው ተሰብስቦ የተሠሩ ናቸው። እሷ 34 ዓመቷ ነው፣ የመድኃኒት ባለሙያ ነች። እሱ 38 ዓመቱ ነው፣ በግንባታ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ነው። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩት በኪራይ ኮንዶሚኒየም ነው። እሷ በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋለች። ልጅ ትፈልጋለች፤ ከዚህ ዓመት ማለፍ የለበትም ባይ ናት። እሱ «ቤት እስክንገዛ እንቆይ» ይላል። ባለፈው ዓመት ያለው «ይህ ፕሮጀክት እስኪያልቅ» ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ «ገና አሁን ተጋብተን» ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ምክንያቱን በቀጥታ መከራከር ነው። እሷ ስለ ባንክ ብድር ታስረዳዋለች፤ በኪራይ ቤት ልጅ ያሳደጉ ጓደኞቻቸውን ትቆጥርለታለች፤ እናቷ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትላለች። እሱ ደግሞ የዱቄት ወተትና የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘረዝራል። ክርክሩ የቤት ጉዳይ ይሆንና ስለ ልጁ ያለው ስሜት ሳይነካ ይቀራል። አንድ ምክንያት እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ቀላል ፈተና አለ፤ ምክንያቱ ተወገደ ብሎ ማሰብ። «ነገ ጠዋት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ቢወጣልን፣ ክፍያውም ቢሟላ፣ በሚቀጥለው ወር እሺ ትላለህ?» መልሱ ያለ ማቅማማት «አዎ» ከሆነ ጥያቄው በእርግጥ የገንዘብ ነው፤ በገንዘብ ዕቅድ ይፈታል። ሰውየው ዝም ካለ፣ ወይም ወዲያው ሌላ ምክንያት ከፈለገ፣ ቤቱ መሸፈኛ ነበር። ይህ ውሸታም አያሰኘውም። ብዙ ጊዜ ራሱም ከመሸፈኛው ሥር ያለውን አላየውም።

በምሳሌያችን ሰው ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሲጠየቅ ዝም አለ። ከብዙ ቀን በኋላ የተናገረው ሌላ ነገር ነበር፤ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነው፤ አባቱ ሲሞቱ 17 ዓመቱ ነበር። ታናናሾቹን ያስተማረው እሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከሚያገኘው ኪስ ገንዘብ ቆጥቦ ለቤት ይልክ ነበር፤ ዛሬም ከደመወዙ አንድ አራተኛው ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። «እኔ አሳድጌ ጨርሻለሁ» አላት። ልጅ እንደማይወድ አድርጋ ስታየው የነበረችው ሚስት ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ከሷ ይልቅ የሚያውቅ፣ የደከመው ሰው አገኘች። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ልጆች ዘንድ ይህ ድካም ብዙ ነው፤ ቢናገሩት ታናናሾቻቸውን የሚከስሱ ስለሚመስላቸው ግን አፋቸው ላይ አይመጣም።

በዚህ ዓይነት ውሳኔ ላይ ረጅም ጊዜ የሠሩ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና አማካሪዎች አሉ። ሜርል ቦምባርዲየሪ መጽሐፏን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ አን ዴቪድማን ደግሞ ከዴኒስ ካርሊኒ ጋር የጻፈችው በ2016 ወጥቷል። ዴቪድማን አጥብቃ የምትለው አንድ ነገር አለ፤ ፍላጎትና ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ በአንድ ጊዜ ሊሠሩ አይችሉም። ሰው «ልጅ እፈልጋለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ወዲያው «ገንዘቡስ? ሚስቴስ ምን ትላለች? እናቴስ?» የሚሉት ይገቡበትና የራሱን ድምፅ መስማት ያቅተዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሥጋቱን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ፍላጎትን ብቻ መመርመር፣ በመጨረሻ ነው ሥጋቶቹን መልሶ አንስቶ መወሰን። ፈልጎም አለመውለድ ይቻላል። ያለ ታላቅ ጉጉት አስቦበት መውለድም ይቻላል። ዋናው የትኛውን እያደረገ እንደሆነ ማወቁ ነው።

ቦምባርዲየሪ ከምታሠራቸው ልምምዶች አንዱ ሰውየው ራሱን በ75 ዓመቱ እንዲያስብ ማድረግ ነው፤ አንድ ጊዜ ልጅ ወልዶ፣ ሌላ ጊዜ ሳይወልድ። ማንን ይጠይቃል? በዓልን ከማን ጋር ይውላል? ያልሠራው ምን ይቆጨዋል? ይህን ለብቻ፣ በወረቀት ማድረግ ይሻላል። ልጅ የሚፈልገው ወገን አጠገቡ ተቀምጦ ፊቱን እያነበበ ከሆነ ያልወሰነው ሰው የሚጽፈው የራሱን መልስ አይሆንም፤ የሚጠበቅበትን ነው የሚጽፈው።

እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ከሁለቱ ወገን አይደለም። ካናዳዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ዣን ቪቨርስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈቅደው ሳይወልዱ የቀሩ ባለትዳሮችን ስታነጋግር ያገኘችው ነገር ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከጋብቻ በፊት «አንወልድም» ብለው የተስማሙት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንድም ቀን «አንወልድም» ብለው አልተነሱም። መጀመሪያ ለተወሰነ ነገር ይቆያሉ፤ ትምህርት እስኪያልቅ፣ ቤት እስኪገዛ። ቀጥሎ መቆየቱ ቀነ ገደብ ያጣል፤ «ስንረጋጋ»፣ «ሲመቸን» ይባላል። ከዚያ የመውለድንና ያለመውለድን ጥቅምና ጉዳት በግልጽ ማመዛዘን ይጀምራሉ። በመጨረሻ ሳይወልዱ የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ያውቁታል፤ መቼ እንደተወሰነ ግን መናገር አይችሉም።

ለሁለቱም የተስማማ ሲሆን ይህ መንገድ ችግር የለውም። አንዱ ልጅ እየፈለገ ከሆነ ግን ያልወሰነው ሰው ሳይወስን ይወሰንለታል፤ የሚፈልገውም ሳይጠየቅ ይወሰንበታል። መሸጋገሪያው የሚታወቀው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሲታለፍ ነው፤ «እስከዚህ ድረስ» የሚለው ሐረግ ከንግግር ሲጠፋ። በምሳሌያችን ቤት «ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ» የተባለው ፕሮጀክት አልቋል፤ ንግግሩ ግን አልተከፈተም። ሚስትየዋ መደንገጥ የነበረባት ያን ጊዜ ነው።

የሰውነት ሰዓትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስህተት ይነገራል። አንደኛው ወገን «35 ካለፈ አለቀ» ይላል፤ ሌላው ታዋቂ ሰዎች በ45 ዓመት መውለዳቸውን እየጠቀሰ ያጽናናል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር የሚያስተምረው መካከለኛውን ነው። የሴት ልጅ የመፀነስ አቅም ከ32 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከ37 በኋላ ቁልቁለቱ ይፈጥናል። በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ጤነኛ ሴቶች በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከአራት አንድ ያህል ነው፤ በ40 ዓመት ከአሥር አንድ ያህል ይሆናል። ሳይፀንሱ ሲቆዩም የሚጠበቀው ጊዜ ይለያያል፤ ከ35 በታች ከሆነች አንድ ዓመት ሞክረው፣ 35 ከሞላት ግን በስድስት ወር ሐኪም ዘንድ መሄድ ይመከራል። ባልየውም አብሮ ይመረመራል፤ የወንድ ዘር ምርመራ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ በብዙ ቤት መጨረሻ ላይ የሚታሰበው እሱ መሆኑ ያሳዝናል።

በግል ላቦራቶሪ «ስንት እንቁላል ቀረኝ» የሚለውን የሆርሞን ምርመራ አድርገው የሚረጋጉ ወይም የሚደነግጡ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉና የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ሴቶች ተከታትሎ፣ ይህ ምርመራ በተፈጥሮ መንገድ ማን ቶሎ እንደሚፀንስ እንደማይተነብይ አሳይቷል። በቤተ ሙከራ የሚደረግ ፅንስም ቢሆን (በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አገልግሎቱን በመንግሥት ተቋም ደረጃ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው) የእንቁላልን ዕድሜ አይመልስም። እናትየዋ የራሷን እንቁላል የምትጠቀም ከሆነ እዚያም ዕድሜ ይቆጠራል።

የምሳሌያችን ሴት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ልታውቀው የሚገባ አንድ ነገር ነበር። የሦስት ወሩ መርፌ በአገራችን በብዛት የሚወሰደው መከላከያ ነው፤ የተለየ ጠባይ አለው። እንክብል ያቆመች፣ ሉፕ ወይም የክንድ መከላከያ ያስወጣች ሴት የመፀነስ አቅሟ ቶሎ ይመለሳል። መርፌ ያቆመች ሴት ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስክትፀንስ በአማካይ አሥር ወር ያህል ይፈጅባታል፤ አንዳንዷ ከዚያም በላይ ትቆያለች። መካን አያደርግም፣ ያዘገያል እንጂ። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ዛሬ 34 ዓመቷ ነው። ባልየው ከአንድ ዓመት በኋላ «እሺ» ቢል 35 ይሆናታል። መርፌው ከሰውነቷ እስኪወጣ ሌላ አሥር ወር፣ እርግዝናው ዘጠኝ ወር። የመጀመሪያ ልጇን የምታቅፈው 37ን ስትቃረብ ነው። «አንድ ዓመት ብቻ እንቆይ» የተባለው ሦስት ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረው።

ስለዚህ የወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃ ስለ መውለድ ምንም ያልወሰነ እርምጃ ነበር፤ ተነጋግረው ከመርፌ ወደ እንክብል ተዛወሩ። ባልየው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ወጥመድ መስሎት ደንግጦ ነበር። ጤና ጣቢያ አብሯት ሄዶ ባለሙያዋ ስታስረዳው ነው የተረጋጋው። መከላከያው አልቀረም፤ የቀረው ከውሳኔው በኋላ የሚባክነው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ቀን መቁረጥ ነበር። «በዚህ ዓመት ውስጥ» አላሉም፤ ከመስከረም ተነስተው «ከፋሲካ ማግስት» አሉ። እስከዚያ ቀን ስለ ልጅ በየመኝታው እንደማይነሳ፣ በወር አንድ ጊዜ እሁድ ከሰዓት ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ተስማሙ። ይህ ለሁለቱም ጠቀመ። እሷ ቀን ስላላት በየዕለቱ መጨቅጨቅ አላስፈለጋትም፤ እሱ በየዕለቱ ስላልተጨቀጨቀ የራሱን ሐሳብ መስማት ቻለ። ሦስተኛ ሰው ሲፈልጉም ጥንቃቄ አደረጉ። የሱ እናት የልጅ ልጅ ይፈልጋሉ፤ የሷ ታላቅ እህት ሦስት ልጆች አሏት፤ ሽማግሌ ቢጠራ ምን እንደሚል ከወዲሁ ይታወቃል። የነፍስ አባታቸው የመከሩት ምክር በእምነታቸው በኩል ጠቀማቸው፤ ያለፈውን የቤተሰብ ሸክም ለመፍታት ግን በመልሱ ውስጥ ምንም ጥቅም የሌለው ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና ወደ አንድ የጋብቻ አማካሪ ሄዱ።

እስካሁን ያልወሰነው ባል ነው። ያልወሰነችው ሚስት ስትሆን የነገሩ መልክ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ማቲያስ ዶፕከና ፋቢያን ኪንደርማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በአብዛኛው የአውሮፓ በሆኑ 19 አገሮች ያሉ ባለትዳሮችን መረጃ መረመሩ። ልጅ የሚወለደው በአመዛኙ ሁለቱም ሲስማሙ መሆኑን፣ አንዱ ካልፈለገ ዕድሉ በጣም እንደሚወርድ አዩ። ጥቂት ልጅ በሚወለድባቸው አገሮች ደግሞ «አልፈልግም» የምትለው በብዛት ሴቷ ናት፤ ይህም የሚጎላው ወንዶች በልጅ እንክብካቤ እምብዛም በማይሳተፉበት አገር ነው። ሴቲቱ የምታመዛዝነው ልጁን ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ማን እንደሚነሳ፣ ሥራውን ማን እንደሚያቆም፣ ልጁ ሲያተኩሰው ከቢሮ ማን እንደሚጠራም ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ልጁ ገና ስም ሳይወጣለት አባት ወደ ሥራው ይመለሳል። ያልወሰነች ሚስት «ፍራቻሽ ከንቱ ነው» ስትባል ይህን ሦስት ቀን ማስታወስ ይገባል፤ የፈራችው ያየችውን ነው። ስለዚህ «እረዳሻለሁ» የሚል ባል ገና ምንም አላቀረበም። የሚያቀርበው ነገር ዛሬ የሚታይ መሆን አለበት። እራት ማን ይሠራል? የታመመ ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ ማን ያድራል? ሠራተኛዋ ድንገት ጥላ ስትሄድ ማን ከሥራ ይቀራል? ዛሬ ይህን ሁሉ የምትሸከመው እሷ ከሆነች፣ ልጅ ሲመጣ የሚለወጥበትን ምክንያት ማየት ያቅታታል፤ ልክም ናት። ጥቂት ወር ሥራውን በተግባር ተካፍሎ ማሳየት ከሁሉም ቃል ይበልጥ ይሰማል። ጥርጣሬዋ በዚህ ከቀለለ የፈራችው አስተዳደጉን ነበር ማለት ነው። ባልየው ተለውጦም ካልቀለለ ደግሞ እናት መሆንን ራሱን እያመነታች ነውና፣ የባልየው ምግባር ዋጋ ሊሆንበት አይገባም።

አጥብቆ መቃወም የሚገባው ነገር ማታለል ነው። «ሲወለድ ይወደዋል» ብላ እንክብሏን በስውር የምታቆም አለች፤ የሚስቱን እንክብል የሚደብቅ ወይም የሚጥል ባል አለ፤ ባሏ ልጅ ሲጠብቅ ሳታሳውቀው መርፌ የምትወጋም አለች። የመጨረሻዋ ድብደባና ማስገደድ ባለበት ቤት ራሷን እያዳነች ሊሆን ይችላል፤ እሷን መውቀስ አይገባም። እኩል መነጋገር በሚቻልበት ቤት ግን ማታለል የልጅን ጥያቄ ወደ መተማመን ጥያቄ ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ቢወለድም ባይወለድም ክርክሩ አይበርድም። «ሲወለድ ይወደዋል» የሚለውም በከፊል ብቻ ነው እውነት። ሲያመነቱ ቆይተው ወልደው የተደሰቱ ብዙ ናቸው። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ኦርና ዶናት እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው ጥናት ያነጋገረቻቸው 23 እናቶች ግን ልጆቻቸውን ይወዳሉ፤ እናት በመሆናቸው ደግሞ ይጸጸታሉ። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ፍቅሩ መምጣቱ ጸጸቱን እንደማያጠፋ ከነሱ መስማት፣ ያልወሰነን ሰው ከመግፋት ሊያቆም ይገባል።

ለሌላው ማሰብ ራሱ ሌላውን ከውሳኔው የሚያስወጣበትም ጊዜ አለ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1912 ስታገባ ልጅ ትፈልግ ነበር። ባሏ ሌናርድ የአእምሮ ሕመሟ ያሠጋው ነበርና ሐኪሞችን አማከረ፤ ሐኪሞቹ የተለያየ መልስ ሰጡት፤ አንዱ እንዲያውም መውለድ እንደሚጠቅማት ነገረው። በመጨረሻ አደጋው ይበልጣል ብሎ ወሰነና እሷን አሳመናት። ሌናርድ በፍቅር እንዳደረገው አያጠራጥርም። ቨርጂኒያ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በማስታወሻዋ ውስጥ ልጅ ያለመውለዷን ነገር በሐዘን ታነሳ ነበር፤ እህቷ ቫኔሳ ሦስት ልጆች ነበሯት። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። የእሷ ሆኖ ቢሰጥ ኖሮ ግን ሐዘኑን የምትሸከምበት መንገድ የተለየ ይሆን ነበር።

ወደ ምሳሌያችን ቤት እንመለስ። ፋሲካ ሲያልፍ ባልየው ያቀረበው መልስ ሚስቱ የጠበቀችው ዓይነት አልነበረም። አባት መሆንን እንዳልጠላው ገባው፤ የጠላው እንደገና ብቸኛው ተሸካሚ መሆንን ነው። ታናናሾቹን ሰብስቦ ነገራቸው። ከአራቱ ሁለቱ ዛሬ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ለእናታቸው የሚላከው በሦስት እንዲከፈል ሲጠይቃቸው አንዱ «እኛ እኮ አንተ የማትፈልግ መስሎን ነው» አለው። ለአሥር ዓመት ማንም ያልጠየቀው ሸክም ነበር። ከዚያ በኋላ «አንድ ልጅ፣ ሌላውን ያኔ እናያለን» አለ። ሚስትየዋ ሁለት ትፈልጋለች፤ ይህ አልተፈታም፣ አንዱን ግን ጀመሩ።

እንዲህ የማያልቅ ቤትም አለ። ቀኑ ደርሶ ያልወሰነው ሰው አሁንም «አላውቅም» ካለ፣ ልጅ የሚፈልገው ወገን ያን መልስ እንደ «አይሆንም» ቆጥሮ ማሰብ አለበት። ጭካኔ የሚመስለው አለ፤ ነገር ግን «ምናልባት» ላይ ሆኖ ሦስት ዓመት መጠበቅ ለ34 ዓመት ሴት ከ«አይሆንም» ጋር አንድ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ መሐል መንገድ የለም፤ ግማሽ ልጅ አይወለድም። የሚቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለየብቻ መጠየቅም አለባቸው። «ይህ ሰው ቢኖረኝ ልጅ ግን ባይኖረኝ፣ ሳልከፋበት መኖር እችላለሁ?» «ልጅ የመውለዱን ዕድል ይዤ ይህን ሰው ባጣ፣ መኖር እችላለሁ?» ሁለተኛው የሚያሳልፈው ዕድልን እንጂ ልጅን አለመሆኑ መረሳት የለበትም፤ ሌላ ሰው መገኘት አለበት፣ ጊዜ ያልፋል። ቆይቶ የሚኖርም ቢሆን ጥያቄው ዳግም የሚከፈትበት ጊዜ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን ከትዳር ጓደኛው ጋር መነጋገር አለበት፤ አለዚያ አንዱ የተዘጋ መስሎት ሲኖር ሌላው በልቡ መጠበቁን አይተውም።

የተወሰነው ምንም ይሁን ለቤተሰብ የሚነገረውን ቃል አብረው ማዘጋጀት አለባቸው፤ በእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስት ዓመት ያልወለደች ሚስት ቤት ውስጥ ጥርጣሬው የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ጠበል ትባላለች፣ ሐኪም ትባላለች፣ በየክርስትናው ድግስ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ትባላለች፤ የሱ እናት «ልጄ፣ ዓይኔን በዓይኔ ሳላይ ልሙት?» ሲሏት ለማስረዳት ቃል ያጥራታል። ያልወሰነው ባል እያለ መካን የምትባለው እሷ ናት። በምሳሌያችን ቤት ባልየው ገና ሳይወስን በፊት ያደረገው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ብቻውን ወደ እናቱ ሄዶ «እማዬ፣ እሷ ጤነኛ ናት፤ እንቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥያቄ ካለሽ እኔን ጠይቂኝ» አላቸው። እናቱ ለሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሱለትም። ከዚያ በኋላ ግን ሚስቱን ጠበል ሂጂ ያላት የለም።